ከኪስ የወጣ የመድኃኒት ገንዘብ ከጤና መድን የሚመለሰው እንዴት ነው?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ዓመታዊ መዋጯቸውን ከፍለው ውል በተገባበት የጤና ተቋም ይታከማሉ። የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ሲታጣ ግን ታካሚው ከኪሱ ከፍሎ ከውጭ ይገዛና ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል። ጥያቄው ገና በግዢው ዕለት ሊሰናከል ይችላል።

ለአብነት ያህል፣ አንድ አርሶ አደር በወረዳቸው ሆስፒታል ታክመው ሁለት መድኃኒቶች ታዘዙላቸው፤ ሁለቱም በሆስፒታሉ ፋርማሲ አልተገኙም እንበል። ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከመሄዳቸው በፊት የፋርማሲው ባለሙያ መድኃኒቶቹ አለመኖራቸውን በማዘዣው ላይ ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ሊሰጣቸው ይገባል። ይህ ከሌለ መድኃኒቱ በተቋሙ እያለ ከውጭ እንደተገዛ ሊቆጠር ይችላል። የግል መድኃኒት ቤት ዋናውን ማዘዣ ይዞ ሊያስቀር ስለሚችልም አስቀድሞ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ይበጃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደረሰኙ ነው። የመድኃኒቱ ስም፣ ብዛትና ዋጋ እንዲሁም የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሊነበብበት ይገባል። በማሽን የታተመ ደረሰኝ በሙቀትና በላብ ይደበዝዛልና በኪስ ውስጥ ከርሞ ባዶ ወረቀት ሆኖ እንዳይገኝ የእሱንም ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል።

አርሶ አደሩ ማዘዣውን፣ ደረሰኙን፣ የአባልነት መታወቂያቸውንና ሪፈር ተጽፎላቸው ከሆነም ወረቀቱን ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ያቀርባሉ። ሰነዱ የገባበት ቀንና ቁጥር ተጽፎ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ኋላ ለመከታተል የሚያገለግለው እሱ ነው። ባለሙያው አባልነቱ መታደሱን፣ ማዘዣውና ደረሰኙ መመሳሰላቸውን፣ መድኃኒቱም በመድኑ የሚሸፈን መሆኑን ያጣራል።

አንደኛው መድኃኒት 640 ብር በሕጋዊ ደረሰኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ 410 ብር በእጅ በተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ተገዝቶ ነበር እንበል። የተጠየቀው 1,050 ብር ቢሆንም የሚጸድቀው 640 ብር ብቻ ይሆናል። አርሶ አደሩ ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመልሰው ሕጋዊ ደረሰኝ ካገኙ ቀሪውን በድጋሚ ማቅረብ ይችላሉ። የማቅረቢያው ቀነ ገደብ ግን ከወረዳ ወረዳ ሊለያይ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

ከጸደቀ በኋላ ሰነዱ ወደ ፋይናንስ ያልፋል። ክፍያው ሲዘገይ «ገንዘቤ መቼ ይገባል?» ከማለት ይልቅ «ፋይሌ በማጣራት ላይ ነው ወይስ ፋይናንስ ደርሷል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በማጣራት ላይ ከቆየ የጎደለ ሰነድ ሊኖር ይችላል። ፋይናንስ ደርሶ ከቆመ ደግሞ በመድኑ ቋት ገንዘብ አጥሮ ወይም የሒሳብ ቁጥሩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሒሳቡ በልጅ ወይም በዘመድ ስም ሆኖ አባልነቱ በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ሲሆን ክፍያው ሊመለስ ይችላል። ከባንክ የሚደርሰው አጭር መልእክት ከተጠየቀው ያነሰ ካሳየም የተቀነሰበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።