የግዕዝ ፊደል ለምን ብዙ ቶክን ይፈጃል? ተረቱና እውነታው

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ለቋንቋ ሞዴል ሲቀርብ፣ ያንኑ ሐሳብ ከያዘ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በርካታ እጥፍ ቶክን ይፈጃል። ቶክን ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ ነው። ክፍያውም ሆነ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የጽሑፍ መጠን የሚለካው በቶክን ነው። ስለዚህ ልዩነት ከሚነገሩት ተረቶች ጎጂው «ጥፋቱ የፊደሉ ስለሆነ አማርኛን በላቲን መጻፍ ይሻላል» የሚለው ነው።

ተረቱ ከምንም አልተነሣም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ነገር ግን አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ ይጠብባል። «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው፤ `selam` ደግሞ 5 ፊደል፣ 5 ባይት። እጥፍ እንኳ የማይሞላ የባይት ልዩነት ብቻውን የበርካታ እጥፍ ቶክን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ዋናው ምክንያት ቶከናይዘሩ የተሠራበት መንገድ ነው። ብዙዎቹ ቶከናይዘሮች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከነጠላ ባይቶች ነው። ከዚያ በመለማመጃው ጽሑፍ ውስጥ አዘውትረው ጎን ለጎን የሚገኙትን ጥንዶች እያጣመሩ፣ የተወሰነ መጠን ያለው የቶክን መዝገብ እስኪሞላ ድረስ ይቀጥላሉ። እንግሊዝኛ በመለማመጃው ውስጥ እጅግ ብዙ ስለሆነ የተለመዱት ቃላቱ እያንዳንዳቸው እንዳሉ አንድ ቶክን ይሆናሉ። አማርኛ ግን ጥቂት ስለሆነ ማጣመሩ ቶሎ ይቆማል፤ አንዳንዴ አንድ ፊደል ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ቶክን ሆኖ ይቀራል። የአማርኛ ግስ በቅድመና በድኅረ ቅጥያ ብዙ መልክ መያዙም እያንዳንዱን መልክ ብርቅ ስለሚያደርገው ችግሩን ያባብሳል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሕንዱ የጉጃራቲ ቋንቋ ነው። የጉጃራቲም ፊደል 3 ባይት ነው። ኦፕንኤአይ በ2024 እ.ኤ.አ. ጂፒቲ-4ኦን ሲያወጣ ቶከናይዘሩን ቀየረ፤ ኩባንያው ለማሳያ ያቀረበው የጉጃራቲ ጽሑፍም ከ145 ቶክን ወደ 33 ወረደ። ፊደሉ አልተነካም፣ የባይቱም መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው መዝገቡ ነው።

ይህ እየታወቀ «በላቲን ጻፉ» ብሎ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ምክር ነው። ቶክን ሊቀንስ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን አብሮ ይጎድላል። `tera` ተራ ነው ወይስ ጠራ? `sera` ሰራ ነው ወይስ ሴራ? በዚያ ላይ በላቲን የሚጻፍ አማርኛ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ ሥርዓት ያለው የአማርኛ ጽሑፍም በብዛት የሚገኘው በራሱ ፊደል ነው። ከሁሉ የከፋው ምክሩ ሕዝብ በፊደሉ እንዳይጽፍ ማድረጉ ነው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው ባነሰ ቁጥር የሚቀጥለው ቶከናይዘርም ለፊደሉ የሚሰጠው ቦታ ያንሳል።

የፕሮምፕት ርዝመት ላይ ያለው ውጤት በስሌት ይታያል። የመጀመሪያው ጂፒቲ-4 መደበኛ ቅጂ 8,192 ቶክን ይይዝ ነበር፤ ይህ ጥያቄውንም መልሱንም ያጠቃልላል። 3,000 ፊደል ያለው የአማርኛ ውል ቢቀርብና በአማካይ አንዱ ፊደል 2 ቶክን ቢወስድ፣ ውሉ ብቻ 6,000 ይፈጃል። ለመመሪያውና ለመልሱ የሚቀረው 2,192 ነው፤ በዚያው ስሌት ከ1,100 ፊደል ያነሰ መልስ ማለት ነው። መልሱ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ከተቆረጠ ወይም መጨረሻው ላይ `�` ከታየ፣ የቶክን ጣሪያው እንደተነካ መጠርጠር ይገባል፤ ምልክቱ የሚመጣው የአንድ ፊደል ባይቶች ለሁለት ሲከፈሉ ነው።

በግምት ከመሥራት አስቀድሞ መቁጠር ይሻላል፦

```python
import tiktoken
enc = tiktoken.get_encoding("o200k_base")
for t in ["selam", "ሰላም"]:
    print(len(t), len(t.encode("utf-8")), len(enc.encode(t)))
```

ሦስቱ ቁጥሮች በቅደም ተከተል የፊደል፣ የባይትና የቶክን ብዛት ናቸው። የመጨረሻው በቶከናይዘሩ ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህ መቁጠር የሚገባው ሥራ ላይ በሚውለው ሞዴል ቶከናይዘር ነው።

«አራት ፊደል አንድ ቶክን ነው» የሚለው ልማድ ለእንግሊዝኛ የወጣ ግምት ነው፤ ለአማርኛ አይሠራም። «ሥርዓተ ነጥብን መተው ብዙ ያድናል» የሚለውም ከንቱ ነው፤ አራት ነጥብ ከጽሑፉ ውስጥ እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ማስገባት ግን በእርግጥ ያስወጣል፤ ተራው ክፍተት 1 ባይት ሲሆን ሁለት ነጥብ 3 ነው።

«ሁሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ማቅረብ» የሚለው በከፊል ያስኬዳል። በየጊዜው የሚደጋገመውን ቋሚ መመሪያ በእንግሊዝኛ መጻፍ ቶክን ይቆጥባል። ውሉን፣ አቤቱታውን ወይም ደብዳቤውን ግን በራሱ ቋንቋ መተው ይሻላል፤ በሞዴል ማስተርጎሙ ራሱ የአማርኛውን ቶክን ያስከፍላል፣ የሕግ ቃላትም በትርጉም ሊዛቡ ይችላሉ። ረጅም ሰነድ በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፍሎ ሲቀርብ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል መልስ የሚሆን ቦታ አስቀድሞ መተው አለበት።