ታሪኩ ሚዛኑ ላይ ነበር

አንድ የማውቀው ልጅ ባለፈው ጥቅምት በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ቴፒ ደርሶ ተመለሰ። ስልኩ ውስጥ 63 ክሊፕ አለ፤ 38ቱ ከመኪና መስኮት የተቀረጹ ጫካና መንገድ ናቸው። «ሳላቅድ ስለቀረጽኩ ታሪክ የለውም» ብሎ ሊያጠፋቸው ነበር።

ተረት፦ የሾት ዝርዝር ከቀረጻ በፊት ካልተጻፈ አበቃ።

እውነታው፦ ከቀረጻ በኋላም ይጻፋል፤ መነሻው ግን እጃችን ላይ ያለው ነው። ከልጁ ጋር ሁሉንም ክሊፕ ድምፁን ከፍተን እስከ መጨረሻው አየን። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፍን፦ የፋይሉ ቁጥር፣ ቦታው፣ ማን ምን ሲያደርግ፣ ከሩቅ ነው ከቅርብ፣ ምን ይሰማል፣ ሳይንቀጠቀጥ ስንት ሰከንድ ይቆያል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብን።

ከሁሉ የበለጠችው ቴፒ አጠገብ የተቀረጸች የ19 ሰከንድ ክሊፕ ሆነች። ቀይ ቡና ስትለቅም የዋለች ልጅ ጆንያዋ ሚዛን ላይ ተሰቅሎላት መርፌውን ትንፋሿን ይዛ ታያለች። ቁጥሩ ሳይታይ ክሊፑ ያልቃል። ቀጣዩ ልጁ በስህተት የቀረጸው ነው፤ ጫማና ጭቃ ብቻ ይታያል። መዝጋቢው ግን «አስራ ሰባት!» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል። የፋይሎቹን ሰዓት አየን፤ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው፣ ጆንያው የእሷው ነው። መጀመሪያ ሊያጠፋው የነበረው ይህንኑ ክሊፕ ነበር።

ጥያቄው ተገኘ፦ ጆንያው ስንት ኪሎ ይወጣዋል? ቪዲዮው በልጅቷ ፊት ይጀምራል፣ ቁጥሩ ሳይሰማ ይቋረጣል። ወደ ጠዋቱ ለቀማ ይመለሳል፣ ጆንያ ተሸክመው የሚመጡትን ያሳያል፣ እንደገና ሚዛኑ ጋ ይደርሳል። ያኔ «አስራ ሰባት» የሚለው ድምፅ ፊቷ ላይ ይወርዳል። መዝጊያው ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ ቡና ሲቀዳ ነው።

ተረት፦ የጉዞ ቪዲዮ የጉዞውን ቅደም ተከተል ይከተላል።

እውነታው፦ ተመልካች የሚጠብቀው ኪሎውን ነው። ከ38ቱ የመንገድ ክሊፖች የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ እነሱም አራት አራት ሰከንድ።

ተረት፦ የጎደለውን በማንኛውም ጊዜ ተመልሶ መቅረጽ ይቻላል።

እውነታው፦ የጎደለንን በሦስት ከፈልን። የሙቀጫ ድምፅና ሲኒ ቤት ውስጥ ይቀረጻሉ። ቦታና ወቅት በትረካ ይነገራሉ። ቀይ ፍሬ የሚለቅም እጅ በቅርበት ለመቅረጽ ግን እዚያው መሄድ ያስፈልጋል፣ ያውም በለቀማ ወራት። አበባ ልጨምር ለሚል ደግሞ፣ የቡና አበባ የሚፈነዳው ከለቀማው ወራት በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ሲጥል ነው፤ በጥቂት ቀናትም ይረግፋል። አንዳንዱ ነጩን አበባና ቀይ ፍሬ የሞላውን ጆንያ እንደ አንድ ቀን አድርጎ ይሰፋቸዋል፤ ቴፒ ያደገ ሰው ይስቅበታል። እኛ የእጁን ሾት ለመጪው ጥቅምት አሳደርነው፤ በዝርዝሩ ላይ «ሳይነቃነቅ 10 ሰከንድ» ብለን ጻፍንለት።

ቪዲዮው 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆኖ ወጣ። መርፌው የሚታይበት ሾት እስከ መጨረሻው አልተገኘም፤ ካዩት ሰዎች ግን አንድም የጠየቀን የለም።