24 ልኬት፣ 12 ሰው፦ የትኛው ቴስት ነው ትክክለኛው?

የስታቲስቲክስ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ እንበል፦ «የ12 ታካሚዎች የደም ግፊት መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት፣ ከዚያም ከአራት ሳምንት በኋላ ተለካ። ለውጥ መኖሩን ለማወቅ የትኛው ቴስት ይመረጣል?»

መጀመሪያ የሚታየው የተመዘገበው ነገር ዓይነት ነው። የደም ግፊት በቁጥር የሚለካ ስለሆነ አማካዮችን ማወዳደር ይቻላል፤ ይህም ወደ ቲ-ቴስት ይመራናል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 24 ቁጥር ሲያይ ሁለት ቡድን ያለ ይመስለውና የገለልተኛ ቡድኖችን ቲ-ቴስት ይመርጣል። የተለኩት ግን ያው 12 ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ልዩነት ተሰልቶ፣ የ12ቱ ልዩነቶች አማካይ ከዜሮ መራቁ ይፈተሻል። ይህ የጥንድ ቲ-ቴስት ነው፤ የነፃነት ዲግሪውም 22 ሳይሆን 11 ይሆናል። ጥንዱን መነጣጠል ጉዳት አለው፦ አንዱ ሰው በተፈጥሮው ከሌላው ከፍ ያለ ግፊት ስላለው፣ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት መድኃኒቱ ያመጣውን ለውጥ ሊሸፍነው ይችላል። ናሙናው ትንሽ ሆኖ ልዩነቶቹ ወደ አንድ ወገን በጣም ካዘነበሉ ደግሞ ዊልኮክሰን የተሰኘው የጥንድ ቴስት ይተካዋል።

ጥያቄው «12ቱ መድኃኒት ወሰዱ፣ ሌሎች 12 አልወሰዱም» ቢል ኖሮ ግን የገለልተኛ ቡድኖች ቲ-ቴስት ትክክል ይሆን ነበር። በግፊቱ ፋንታ «ተስተካከለ» ወይም «አልተስተካከለም» ብቻ ቢመዘገብ፣ ሁለቱ ቡድኖች የሚወዳደሩት በካይ-ስኩዌር ነው፤ በሰንጠረዡ ውስጥ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 ካነሰ በፊሸር ቴስት።