መኪናው ሲሮጥ የዘፋኙ ቃል እንዳይጠፋ

ቆመው ሲያዳምጡት ጥርት ያለው ዘፈን በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ይደፈናል። ጎማውና አስፋልቱ የሚፈጥሩት ጉምጉምታ በአብዛኛው ወፍራም ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ የሚውጠው ቤዙን ነው። ብዙ ሹፌር ታዲያ BASS የሚለውን እስከ ጥግ ይጨምራል። በሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስፒከር ግን ይህን አትችልም። ድምፅዋ ይሰነጠቃል፣ የበሩ ፕላስቲክ ይንጫጫል፣ የዘፋኙም ቃል አብሮ ይደበዝዛል።

ሁሉንም ዜሮ ላይ መልሰው ይጀምሩ። FAD የሚለውን ሁለት ያህል ነጥብ ወደ ፊት ይውሰዱ፤ ድምፃዊው ከፊት ለፊትዎ ይምጣ፣ የኋላው ስፒከር ይሙላበት እንጂ አይቅደመው። የግራው ስፒከር ለሹፌሩ ስለሚቀርብ BAL የሚለውን አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ያድርጉ። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ እሱን ካሰቡ መሃል ላይ ይተዉት።

አሁን የሚያውቁትን ዘፈን ከፍተው በተለመደው ፍጥነትዎ ይንዱ፤ ማስተካከያውን የሚነካው ግን አጠገብዎ ያለው ሰው ይሁን። BASS አንድ ወይም ሁለት ነጥብ፣ ቃሉ የሚገኝበትን MID አንድ ነጥብ ይጨምር። «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ መውጋት ከጀመሩ TREBLE በዝቷል ማለት ነው።

መኪናው ሲቆም ቤዙ ትንሽ ቢበዛ አይደንግጡ፤ የተስተካከለው ለጉዞ ነው። ያረጀ ጎማና የላላ የበር ጎሚኒ የሚያመጡትን ጩኸት ግን የትኛውም ኢኳላይዘር አያጠፋውም።