«ዩ» በአማርኛ፦ ተራ የእንግሊዝኛ ንግግር ሲተረጐም የአንቱታ ምርጫ

የእንግሊዝኛው «ዩ» አንዱንም ብዙውንም፣ ታላቁንም ታናሹንም ይጠራል። አማርኛ ግን ተርጓሚውን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «እናንተ» ብሎ እንዲለይ ያስገድደዋል። ዘወትር የሚያጋጥመው ስሕተት፣ እንግሊዝኛው ዘና ያለ ስለሆነ ብቻ አማርኛውም «አንተ» ወይም «አንቺ» መሆን አለበት ብሎ መነሣት ነው። የንግግር ዘና ማለትና የተናጋሪዎች ዝምድና ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

በአንድ ልቦለድ ውስጥ ወጣት ልጅ ለአፍታ ብቅ ብለው ሊመለሱ የተነሡትን አረጋዊት ጎረቤቱን «ካም ኦን! ሲት ዳውን፤ አይል ጌት ዩ ሰም ኮፊ» ይላቸዋል እንበል። «ኧረ ተይ! ቁጭ በይ፤ ቡና ላምጣልሽ» ቢባል ልጁ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ባለጌ ሆኖ ይታያል፤ በእንግሊዝኛው ግን እንዲያ አይደለም። ይህን የሚፈራ ተርጓሚ ደግሞ «እባክዎ ይቀመጡ፤ ቡና ላቅርብልዎት» ይላል፤ ጎረቤትነቱ ጠፍቶ የእንግዳ ማረፊያ አስተናጋጅ የሚናገር ይመስላል። መካከለኛው መንገድ «ኧረ ይተዉ እማማ! ቁጭ ይበሉ፤ ቡና ላምጣልዎት» ነው። አክብሮቱን የግሱ ቅርጽ ይይዛል፤ ዘና ማለቱን «ኧረ»፣ «ቁጭ ማለት» እና «እማማ» ይሸከሙታል። አሮጊቷ መልሰው ልጁን «አንተ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ እኩል የነበረው «ዩ» በአማርኛ እንዲህ ወዲህና ወዲያ ይለያያል። ስለዚህ በረጅም ሥራ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ በቅድሚያ በሰንጠረዥ መመዝገብ ይጠቅማል።

«አንተ» በራሱ ንቀት አይደለም፤ በጸሎት እግዚአብሔርም «አንተ» ይባላል። በተቃራኒው በባልንጀሮች መካከል በድንገት የሚገባ «እርስዎ» ኩርፊያ ወይም ሽሙጥ ይመስላል። ጾታን ላለመለየት ሲባል ብቻ «እርስዎ»ን መምረጥም ከዚሁ ወጥመድ ይጥላል።

ሌላው ችግር ከሰዋስው የሚመጣ ነው። የአክብሮቱ ግስ ከሩቅ ብዙ ቁጥር ጋር አንድ ቅርጽ አለው፤ «ነገ ይመጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ለእርስዎም ስለ እነርሱም ይሆናል። በንግግር ዐይንና እጅ ይለዩታል፤ በጽሑፍ ግን መጥሪያ መጨመር፣ «ጋሼ፣ ነገ ይመጣሉ?» ማለት፣ ያስፈልጋል። የተሳቢ ቅጥያ ባለበት ግን ልዩነቱ ራሱን ይገልጣል፤ «ልጠብቅዎት?» እና «ልጠብቃቸው?» አይምታቱም። «እናንተ» ደግሞ አንድን ሰው ለማክበር አያገለግልም፤ ሁለት አረጋውያን አብረው ሲጠሩ ግን «መጣችሁ?» መባላቸው ነውር የለበትም።

በእርማት ጊዜ በብዛት የሚያመልጠው የቅጥያ መደባለቅ ነው፤ «ቁጭ ይበሉ፤ ቡና ላምጣልሽ» እንደሚለው ዓይነት። ይህን ለማግኘት ረቂቁን በአንድ ተናጋሪና በአንድ ሰሚ ለይቶ፣ ትርጉሙን ትቶ የግሶቹንና የባለቤትነት ቃላቱን መድረሻ ብቻ ማንበብ ይበቃል።