ወደ ጎን የሚሞላ፣ ወደ ታች የሚጻፍ

የማስተርስ ተማሪ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ያነበበውን በተራ ይደረድራል። እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት ደግሞ እንዲህ አለች እያለ አንቀጹን ሁሉ በሰው ስም ይከፍታል። አማካሪው ዳር ላይ «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ጽፎ ይመልስለታል። ችግሩ ግን የጀመረው ብዕር ሳያነሣ፣ ማስታወሻ ሲይዝ ነው።

አንድ ርዕስ እንውሰድ፦ ጤና ጣቢያ ቅርብ እያለ እናቶች ቤት የሚወልዱት ለምንድን ነው? ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል፤ ለመሄድ መወሰን፣ ተቋሙ ጋ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ማግኘት። ሠላሳ ጽሑፍ የሰበሰበች ተማሪ በእነዚህ ሦስት ጭብጦች ሰንጠረዥ ታሰምር። ጽሑፎቹ ወደ ታች፣ ጭብጦቹ ወደ ጎን ይሰለፋሉ። በየሳጥኑ ግኝቱን ብቻ ሳይሆን ማን፣ የት፣ እንዴት እንደተጠየቀም በአጭሩ ትጽፋለች። ከሦስቱ ጋር የማይገጥም ነገር ከተደጋገመ፣ ለምሳሌ የእናቶች ማቆያ፣ አራተኛ ዓምድ ይጨመራል።

ሰንጠረዡ የሚሞላው ወደ ጎን፣ አንድ ጽሑፍ በተነበበ ቁጥር ነው። ምዕራፉ የሚጻፈው ግን ዓምዱን ወደ ታች በማንበብ ነው። በርቀት ዓምድ አሥር ጥናቶች ርቀት ያግዳል ቢሉና ሁለቱ ቢቃወሙ፣ ተማሪዋ ሁለቱ የት እንደተሠሩ ታያለች። አምቡላንስ በሚደርስበት ወረዳ ከሆነ አንቀጿ ተገኘ ማለት ነው፦ «ርቀት እናቶችን ከተቋም እንደሚያስቀር አብዛኞቹ ይስማማሉ፤ የሚለዩት ሁለቱ መጓጓዣ በተሟላበት አካባቢ የተካሄዱ ናቸው።» የአጥኚዎቹ ስም በቅንፍ ይከተላል።

ክፍተቱም የሚታየው እዚያው ነው። በማቆያው ዓምድ የተጠየቁት ሁሉ ማቆያው ቆይተው የወለዱ ወይም ጨርሶ ያልመጡ እናቶች ናቸው እንበል። ገብተው ጥቂት ቀን ሰንብተው ሳይወልዱ የተመለሱትን ማንም አልጠየቀም። ይህን ክፍተት ብሎ ከመጻፍ በፊት ግን በሌላ ስያሜ እንደገና መፈለግ፣ ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎችንም ማገላበጥ ያሻል፤ ሳጥኑ ባዶ የሆነው ፍለጋው ስላጠረ ሊሆን ይችላላ። «በእኔ ወረዳ አልተጠናም» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ወረዳው ውጤቱን ሊለውጥ የሚችል ምን የተለየ ነገር እንዳለው መነገር አለበት።

የጭብጦቹ ቅደም ተከተል ደግሞ ከዚህ ይወጣል። ብዙ የተጠናውና ስምምነት ያለበት ይቀድማል፤ በጥቂቱ የተነካው ይዘገያል። ስለዚህ ማቆያው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ የምዕራፉ የመጨረሻ አንቀጽም ሳይወልዱ የተመለሱትን እናቶች አንሥቶ፣ ለምን ተመለሱ የሚለውን የጥናቱ ጥያቄ ያደርገዋል።