ጊዮርጊስ አሸነፈ ወይስ አሸነፉ?
በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው የአራዳው ክለብ የሚያሰልፈው አሥራ አንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን «ጊዮርጊስ አሸነፈ» እንላለን። ግሱ የሚከተለው የስሙን ቅርጽ እንጂ የተጫዋቾቹን ብዛት አይደለምና። «አሸነፉ» የሚመጣው ስሙ ራሱ «ጊዮርጊሶች» ሲሆን ነው። ስሕተቱ የሚበዛው ግን ማሰሪያ አንቀጹ ከባለቤቱ ሲርቅ ነው፦ «ቡድኑ፣ የተጎዱት ተጫዋቾቹ ስለተመለሱለት፣ ትናንት በቀላሉ አሸነፉ።» «ተጫዋቾቹ» የ«ተመለሱ» ባለቤት ብቻ ነው። መሐሉን ብናወጣው «ቡድኑ አሸነፉ» ይቀራል፤ ያን ጊዜ ጆሮ አይቀበለውም።

«በንግግር ‹ሕዝቡ ወጡ› ይባል የለ?» የሚል ይኖራል። ይባላል፤ ሐሳቡም ብዙ ሰው ስለሆነ አይገርምም። ጽሑፍ ላይ ግን «ሕዝቡ ወጥቶ ድምፁን አሰሙ» ሲመጣ «ወጥቶ» እና «ድምፁን» ነጠላ፣ «አሰሙ» ብዙ ይሆናሉ። አርታዒ የሚያርመው ይህን መዋዠቅ ነው፦ ወይ «ወጥቶ ድምፁን አሰማ»፣ ወይ «ሰዎቹ ወጥተው ድምፃቸውን አሰሙ»።